የመጀመሪያው ፎቶ የትኛው ይሁን? ለመተዋወቂያ አፕ ፕሮፋይል የፎቶ አመራረጥ መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሠርግ፣ ምረቃ፣ ክርስትና። ሥራዬን ጨርሼ ካሜራዬን ስሰበስብ ግን አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። አንዱ ስልኩን ያወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ ከእነዚህ የትኛውን ላስቀድም?» ይለኛል። ቲንደር ወይም ባዱ ላይ ለሚያወጣው ፕሮፋይል ነው። ጥያቄው ከደብረ ማርቆስም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከዳንግላም በቴሌግራም ይመጣል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ግን የፊተኛው ፎቶ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። እንደ ቲንደር ባሉ አፖች ላይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አንድ ፎቶ፣ ስምና ዕድሜ ነው። ሁለተኛውን ፎቶ ለማየት ስክሪኑን መንካት አለበት። የጻፋችሁትን ለማንበብ ደግሞ ፕሮፋይሉን መክፈት አለበት። የመጀመሪያው ካላስቆመው ጣቱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ በቃ። የቀሩት አምስት ፎቶዎች የቱንም ያህል ቢያምሩ አላያቸውም።

ፍርዱም ፈጣን ነው። ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የማያውቁትን ፊት ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ አይተው «ይታመናል»፣ «ያምራል» ብለው ይፈርዳሉ። ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጣቸው በፍርዳቸው የበለጠ ይተማመናሉ እንጂ ፍርዱ ራሱ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፎቶ ሥራ አንድ ብቻ ነው። ፊታችሁን ያለ ምንም ድካም ማሳየት። ሥራችሁ፣ ጉዟችሁ፣ አለባበሳችሁ ከኋላ በሚመጡት ፎቶዎች ይነገራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የተነሱ ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ፎቶዎች
- የፎቶዎቹ ኦርጅናል (ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ የወረደው አይደለም)
- ሌንስ መጥረጊያ ለስላሳ ጨርቅ
- ምናልባት አዲስ ፎቶ ካስፈለገ የሚያነሳችሁ አንድ ሰው
- አስተያየት የሚሰጡ ሦስት ሰዎች፣ ቢቻል በቅርበት የማያውቋችሁ

1. ፎቶዎቹን አንድ ቦታ ሰብስቡ

ስልካችሁ ላይ አዲስ አልበም ክፈቱና የምታስቧቸውን ሁሉ እዚያ አስገቡ። ተበታትነው ሲታዩ እያንዳንዱ ደህና ይመስላል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ልዩነቱ የሚወጣው።

የአንድ ዓመት ገደቡን አትለፉት። ጢም ይወጣል፣ ፀጉር ይቆረጣል፣ ሰውነት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ካፌ ውስጥ የሚጠብቃችሁ ሰው በሩን እያየ የሚፈልገው በፎቶው ያየውን ፊት ነው። ያንን ፊት ካላገኘ ገና ሰላም ሳትባባሉ ቅሬታ ይገባል።

ጓደኛ ያነሳችሁን ፎቶ በቴሌግራም ስትቀበሉ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። በተለመደው መንገድ ሲላክ ቴሌግራም ፎቶውን ያሳንሰዋል፤ ስንቆርጠው መዘዙ ይታያል። ምሳሌውን ከታች ታገኙታላችሁ።

2. በሦስት ጥያቄ አጣሩ

እያንዳንዱን ፎቶ ሦስት ነገር ጠይቁት። ለአንዱ እንኳ መልሱ «የለም» ከሆነ ለመጀመሪያው ቦታ አይሆንም።

*ብቻዬን ነኝ?* የሚያየው ሰው አያውቃችሁም። ስድስት ሚዜ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሶ ከቆመ የትኛው እንደሆናችሁ ለመገመት አይቆምም። የባሰው ደግሞ ጓደኛችሁን ወዶ መገመቱ ነው። ከሌላ ሰው ጋር የተነሳችሁትን ቆርጣችሁ ስታወጡም ትከሻችሁ ላይ የቀረው የሰው እጅ ጥያቄ ያስነሳል።

*ዓይኔ ይታያል?* ጥቁር መነጽር፣ የኮፍያ ጥላ፣ ግንባር ላይ የወረደ ሻሽ ዓይንን ይሸፍናሉ። ሰው ፊት ላይ መጀመሪያ የሚፈልገው ዓይንን ነው። ዓይን ካጣ የሚያምንበት ነገር ያጣል።

*ፊቴ በቂ ቦታ ይዟል?* ከአናት እስከ ደረት ያለው ፎቶ ጥሩ ነው። ፊታችሁ ከፎቶው ቁመት አንድ ሦስተኛ ገደማ ቢይዝ ይበቃል። ብዙ ሰው ጢስ ዓባይ ሄዶ ፏፏቴው ሥር የተነሳውን ያስቀድማል። ፏፏቴው ያምራል፤ ሰውየው ግን የክብሪት እንጨት ያክላል። ያንን ፎቶ አትጣሉት፣ ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ቦታ ያዙት።

3. አሳንሳችሁ እዩ

የቀሩትን ጋለሪው ውስጥ በጣም ትንሽ ሆነው እንዲታዩ አድርጉና ስልኩን በክንዳችሁ ርዝመት ያዙት። አሁን የምታዩት ሌላው ሰው በችኮላ የሚያየውን ነው። ጥቁር ፀጉር ከጨለማ ግድግዳ ጋር ከተዋሃደ፣ ወይም ከጭንቅላታችሁ ላይ የመብራት እንጨት የበቀለ ከመሰለ አሁን ይታያችኋል። ፎቶው በሙሉ ስክሪን ሲሆን ይህን አያሳይም።

እግረ መንገዳችሁን ቅርጹን አስቡ። ብዙ አፖች ፎቶውን ቁመቱ ረዘም ባለ ቅርጽ ነው የሚያሳዩት። በጎን የተነሳ ሰፊ ፎቶ ግራ ቀኙ ይቆረጣል። የታችኛው ክፍል ላይ ደግሞ ስምና ዕድሜ ይጻፍበታል፣ አዝራሮችም ይመጡበታል። ስለዚህ ፊታችሁ ከመሃል ከፍ ብሎ ይሁን። ከአናታችሁ በላይ ትንሽ ክፍት ቦታ ይቅር፣ ግንባር እንዳይቆረጥ።

4. ብርሃኑንና ርቀቱን መርምሩ

ፎቶውን አቅርባችሁ ዓይኑን ብቻ እዩ። ብሌኑ ላይ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ካለች ፊት ለፊት ጥሩ ብርሃን ነበረ ማለት ነው። ዓይን ያለበት ጉድጓድ ጠቁሮ፣ ከአፍንጫ ሥር ጥላ ወርዶ ከታየ በቀትር ፀሐይ የተነሳ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ የደከመና የተቆጣ ያስመስላል፣ ሰውየው በደስታ ላይ እያለ እንኳ።

ሁለተኛው የተለመደ ችግር ጣናን ከኋላ አድርጎ መነሳት ነው። ሐይቁና ሰማዩ ያበራሉ። ስልኩ አጠቃላይ ብርሃኑን ይለካና «ይህ በዝቷል» ብሎ ይቀንሰዋል። ፊታችሁም አብሮ ይጨልማል። ጠይም ፊት ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ ጉንጭና አገጭ ይዋሃዱና የፊት ቅርጽ ይጠፋል። ይህን በፊልተር ለማስተካከል መሞከር ሌላ ጥፋት ነው። ፊልተሩ ጥላውን ከማቃለል ይልቅ ቆዳችሁን ያነጣዋል፤ በአካል ስትገናኙ ሌላ ሰው ትሆናላችሁ።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ክንድ ሳይዘረጋ የተነሳ ሰልፊ አፍንጫን ያሰፋል፣ ጆሮን ያርቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የሕክምና ጥናት በስሌት እንዳሳየው፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር የተነሳ ፊት ላይ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል። አፍንጫችሁ ምንም አልሆነም፣ ስልኩ ቀርቦ ነው። ሰልፊን ለመጀመሪያ ቦታ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

5. የሚያልፍ ከሌለ አዲስ አንሱ

እስካሁን ሁሉም ከወደቁ አትጨነቁ፣ አብዛኛው ሰው ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ጥሩ ፎቶ ለማንሳት ሩብ ሰዓት ይበቃል።

*ሰዓት።* ጠዋት ከ12:30 እስከ 3:00፣ ከሰዓት በኋላ ከ10:30 ፀሐይ እስክትጠልቅ። በእነዚህ ሰዓታት ፀሐይ ከጎን ስለምትመጣ ዓይን ሥር ጥላ አይወርድም። ክረምት ላይ ደመና ሰማዩን ሲሸፍን ግን ቀኑን ሙሉ ማንሳት ይቻላል። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል፤ ደመናው ብርሃኑን ያለሰልሰዋል።

*ቦታ።* ባሕር ዳር ያለ ሁሉ ዘንባባው ሥር መነሳት ይወዳል። ተጠንቀቁ። የዘንባባ ቅጠል ጥላው ሙሉ አይደለም። በቅጠሎቹ መሃል ያለፈው ፀሐይ ፊት ላይ መስመር መስመር ሆኖ ያርፋል፤ አንድ ጉንጭ ያበራል፣ ዓይን ይጨልማል። ከዚያ ይልቅ በረንዳ ፈልጉ። ከጣሪያው ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ፊታችሁን ወደ ውጭ፣ ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሩ። ጥላው ሙሉ ነው፣ ብርሃኑ ከፊት ይመጣል። ኋላችሁ ያለው ግድግዳ ከእናንተ ሁለት ሜትር ያህል ቢርቅ ይመረጣል። የቤት ውስጥ ከሆነ መስኮት ፊት ለፊት ቁሙ፣ የጣሪያውን መብራት አጥፉ።

*አነሳስ።* ሌንሱን በጨርቁ ጥረጉ። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት ይዞ ነው የሚወጣው፤ ቅባቱ ፎቶውን ጭጋግ ያስመስለዋል። የሚያነሳችሁ ሰው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይራቅና የኋላውን ካሜራ ይጠቀም። ፊት ትንሽ ከሆነበት ዙም 2 ያድርገው እንጂ አይጠጋ። ስልኩን በዓይናችሁ ከፍታ ይያዝ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን በጣቱ ይንካ፤ ስልኩ ብርሃኑን ከፊታችሁ ላይ እንዲለካ ነው። ይህች መንካት በተለይ ነጠላ ወይም ጋቢ ለለበሰ ሰው ታስፈልጋለች፤ ስልኩ ነጩን ጨርቅ ከለካ ፊቱን ያጨልመዋልና። በትክክል ከተለካ ግን ነጩ ጨርቅ ራሱ ይረዳል፤ ብርሃን ከሥር ወደ አገጭና ወደ ዓይን ይመልሳል።

*ፊት።* «ሳቅ በል!» የሚባል ሰው ከንፈሩ ብቻ ነው የሚስቀው። እኔ የማደርገው ወሬ ማስጀመር ነው። ስለ ሥራው፣ ስለ ወንድሙ፣ ስለሚያውቀው ነገር አስወራዋለሁ። ወሬው አልቆ ፊቱ ገና ሳይመለስ በተከታታይ አነሳለሁ። ጥሩው ከሳቁ በኋላ ያለው ነው። ሳቅ የማይቀናችሁ ከሆነ ደግሞ አትታገሉ፤ የረጋና ቀጥ ብሎ የሚያይ ዓይን ይበቃል።

6. የመጨረሻውን ምርጫ ለሌላ ስጡ

ሁለት ወይም ሦስት ፎቶ ሲቀሩ እናንተ መምረጥ አቁሙ። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ሰዎች ለፕሮፋይል ራሳቸው የመረጧቸውን ፎቶዎችና የማያውቋቸው ሰዎች የመረጡላቸውን አወዳደረ። የማያውቋቸው የመረጡት ለተመልካች የተሻለ ስሜት ሰጠ። እኛ ፊታችንን የለመድነው በመስታወት ነው፤ ፎቶ ላይ ግራ ቀኙ ሲገለበጥ ቅር ይለናል። ሌላው ሰው ግን እኛን ያየው ሁልጊዜም እንደ ፎቶው ነው።

አጠያየቁ ላይ ነው ቁም ነገሩ። «የቱ ላይ አምራለሁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ይሉኝታ ይመልስላችኋል። እናት «ሁሉም ያምራሉ ልጄ» ትላለች፣ ጓደኛ ይቀልዳል። አንዱን ፎቶ ብቻ አሳዩና «ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ይመስልሃል?» በሉ። የመጀመሪያውን ቃል ያዙ። «ኩሩ»፣ «የተቆጣ»፣ «የተጨነቀ» የሚል ቃል ከሁለት ሰው ከመጣ ያን ፎቶ አውጡት። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ የምትፈልጉት ጾታ ይሁን።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው

ደብረ ማርቆስ የሚያስተምር አንድ ልጅ አምስት ፎቶ ላከልኝ። የመጀመሪያው በምረቃ ልብስ፣ አበባ ታቅፎ። ሁለተኛው ባጃጅ ውስጥ የተነሳ ሰልፊ። ሦስተኛው የጓደኛው ሠርግ ላይ ከሚዜዎች ጋር። አራተኛው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ። አምስተኛውን «ይሄ ለጨዋታ ነው» ብሎ ነው የላከው፤ እናቱ ቤት በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ፣ ስኒ ይዞ ቡና ሲጠጣ።

እሱ ማስቀደም የፈለገው የምረቃውን ነበር። ፎቶው ግን የቆየ ነው፣ የቆቡ ጥላ ዓይኑን ሸፍኖታል፣ አበባውም ከፊቱ በላይ ዓይን ይስባል። ሰልፊው በርቀት፣ ሠርጉ በብዛት፣ ድልድዩ በመነጽር ወደቁ። የቀረው የበረንዳው ነው። ብርሃኑ ከፊት ይመጣል፣ ጋቢው አገጩን አብርቶታል፣ ዓይኑ ወደ አንድ ሰው ዞሮ ሊስቅ ነው። ሦስት ሰው ሲጠየቅ ሁለቱ «ደግ» አሉ፣ አንዷ «ጨዋታ አዋቂ»።

ችግሩ ፎቶው ብዙ ነገር መያዙ ነበር። ከአንድ ጎን ረከቦቱ፣ ከሌላው ጎን የእናቱ ክንድ ገብቷል። እሱን ብቻ ለማስቀረት የፎቶው ስፋት ወደ አንድ ሦስተኛ መውረድ ነበረበት። በእጁ ያለው በቴሌግራም የመጣ ስለሆነ ስፋቱ 960 ፒክስል ብቻ ነው፤ ሲቆረጥ 320 ቀረ። ስክሪኑ ላይ ሲለጠጥ ፊቱ ተበተነ። ያነሳው ወንድሙ ኦርጅናሉን እንደ ፋይል ላከው፣ 3000 በ4000 ፒክስል። ያው ቁራጭ አሁን 1000 ፒክስል ስፋት አለው፣ ለስልክ ስክሪን ይበቃል። ስኒውን ሆን ብለን ከታች አስቀረነው። በኋላ ከመጡለት መልእክቶች አንዱ «አቦል ነው ቶና?» የሚል ነበር። ወሬ መጀመሪያ ማለት ይህ ነው።

የምረቃው ፎቶ ግን የቆየ በመሆኑ ጨርሶ አልገባም። የድልድዩ ሦስተኛ ላይ ገባ፤ ፊቱ አንዴ ከታየ በኋላ መነጽር አይጎዳም።

7. የቀሩትን ደርድሩ

ሁለተኛው ሙሉ ቁመት የሚያሳይ ይሁን፤ ሰው ቀጥሎ የሚፈልገው እሱን ነው። ሦስተኛው የምትወዱትን ነገር ስትሠሩ። የቡድን ፎቶ ከገባ ወደ መጨረሻው አካባቢ። ፎቶ ለመሙላት ብላችሁ ደካማ አትጨምሩ።

8. አንዱን ብቻ ለውጡ፣ ጠብቁ

የመጀመሪያውን ፎቶ ስትቀይሩ ጽሑፉንና ሌሎቹን ፎቶዎች አትንኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ተዉት። ሁሉንም ባንዴ ከቀየራችሁ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ቲንደር ላይ ከሆናችሁ Smart Photos የሚለው ማስተካከያ በርቶ እንደሆነ እዩ፤ ከበራ አፑ ራሱ ፎቶዎችን እያፈራረቀ ያስቀድማል፣ የእናንተ አደራደር አይጸናም።

ማስጠንቀቂያ

- ፌስቡክ ላይ በስማችሁ የለጠፋችሁትን ፎቶ እዚህ አታስቀድሙ። ፎቶን በፎቶ የሚፈልጉ መሣሪያዎች ስላሉ ማንም ስማችሁንና ቤተሰባችሁን ሊያገኝ ይችላል።
- የመሥሪያ ቤት ባጅ፣ የመኪና ታርጋ፣ የቤታችሁ በር ቁጥር ከኋላ እንዳይታይ።
- የእህት፣ የወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ያለበትን ፎቶ አታውጡ። ሰው ልጁ የእናንተ ይመስለዋል፤ ወላጆቹም አልፈቀዱም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አበባ፣ መኪና ወይም ጥቅስ ያለበት ፎቶ ማስቀደም። የሚያየው ሰው ወይ የሐሰት አካውንት ነው ይላል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ ይላል።

የተከራየ መኪና ላይ ተደግፎ መነሳት። ፊት ከመኪናው ጋር ይሻማል፣ የሚመጣውም ሰው መኪናውን ፈልጎ ይመጣል።

ትንሽ ከተማ ውስጥ ሆኖ ፊትን በግማሽ መሸፈን። ይህን በተለይ ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከቡሬ የሚጽፉልኝ ሴቶች ይጠይቁኛል፤ ስጋታቸው እውነተኛ ነው። «የአጎቴ ልጅ ቢያየኝስ?» ትለኛለች አንዷ። በግማሽ የተሸፈነ ፊት ግን የሚያውቃትን ሰው አያታልልም፤ በነጠላዋና በቆመችበት ይለያታል። የማያውቃትን ብቻ ነው የሚያርቀው። ከዚያ የሚሻለው ሌላ ነው። ቲንደር የስልክ ቁጥራቸውን ያስገባችኋቸውን ሰዎች የሚያግድ Block Contacts የሚባል ማስተካከያ አለው። መጀመሪያ የዘመድና የሥራ ባልደረባ ቁጥሮችን እዚያ አስገቡ፣ ቀጥሎ ፊታችሁን በሙሉ የሚያሳየውን ፎቶ አስቀድሙ። እገዳው የሚሠራው ሰውየው አፑን በዚያው ቁጥር ከከፈተ ነው፤ በሌላ ሲም የገባን ወይም ፎቶውን ከሌላ ሰው ስልክ ያየን አይዝም። ይህም የማያረጋጋችሁ ከሆነ ፎቶውን አታውጡ፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ማንም በስክሪንሹት ሊያስቀረው ይችላል።